በአሃድ ክብ የሚፈቱ የትሪጎኖሜትሪ ያለእኩልነቶች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የማስተምራቸው የመሰናዶ ተማሪዎች cos x = 1/2 የሚለውን እኩልታ ከ0 እስከ 2π ባለው ኢንተርቫል ውስጥ ፍቱ ሲባሉ π/3 እና 5π/3 ብለው ለመመለስ ብዙም አይቸገሩም። ምልክቱ ወደ «>» ሲለወጥ ግን እኩልታውን በትክክል የፈታው ተማሪ ራሱ መልሱን ገልብጦ ይጽፋል። ይህ የሚሆነው እኩልታው በክቡ ላይ ነጥቦችን ብቻ ሲጠይቅ ያለእኩልነቱ ግን በነጥቦቹ መካከል ያለውን ቅስት ስለሚጠይቅ ነው፤ ሁለት ነጥቦች ደግሞ ክቡን ምንጊዜም ለሁለት ቅስት ስለሚከፍሉት፣ የትኛው እንደተፈለገና በተሰጠው ኢንተርቫል ውስጥ እንዴት እንደሚጻፍ ሥዕሉን ሳያዩ መወሰን አደገኛ ነው።

ሁለቱን ወሰኖች ሳያዩ ማያያዝ

በደብተሮች ላይ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ስህተት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለከተዋለሁ። ጥያቄው 2cos x > 1 ነው፤ x ከ0 እስከ 2π ባለው ኢንተርቫል ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ጫፎች ይካተታሉ። ሁለቱን ወገን ለ2 ስናካፍል cos x > 1/2 እናገኛለን። አብዛኛው ተማሪ ከዚህ በኋላ ትንሹን ማዕዘን በግራ፣ ትልቁን በቀኝ አስቀምጦ π/3 < x < 5π/3 ብሎ ይጽፋል። ይህን መልስ ለመፈተን ከመካከሉ አንድ ማዕዘን መውሰድ ይበቃል፤ x = π ብንል ኮሳይኑ −1 ነው፣ −1 ደግሞ ከ1/2 አይበልጥም። በአንጻሩ x = 0 ላይ ኮሳይኑ 1 ስለሆነ ያለእኩልነቱ ይሟላል፣ በተጻፈው መልስ ውስጥ ግን 0 የለም። ስለዚህ የተጻፈው የሚፈለገው ሳይሆን የተቀረው ቅስት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ከሥዕሉ ይጀምራል። ራዲየሱ 1፣ ማዕከሉም የሁለቱ ዘንጎች መገናኛ በሆነው ክብ ላይ የማዕዘን x ነጥብ (cos x, sin x) ነው። ኮሳይን የሚነበበው በአግድሙ ዘንግ ላይ ስለሆነ በ1/2 ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ መስመር እናሠምራለን፤ አንዳንዶች እዚህ ላይ ከሳይን ጋር አምታተው አግድም መስመር ያሠምራሉ፣ ያን ጊዜ ቀጣዩ ሥራ ሁሉ ይበላሻል። የሠመርነው መስመር ክቡን በπ/3 እና በ5π/3 ይቆርጠዋል። ኮሳይኑ ከ1/2 የሚበልጥባቸው ነጥቦች ከመስመሩ በስተቀኝ ያሉት ናቸው፤ ይህን ቅስት በእርሳስ አድምቆ መቀባት ይገባል።

የተቀባው ቅስት አንድ ሲሆን ማዕዘን መቁጠር የምንጀምርበትን ነጥብ (1, 0)ን ያቋርጣል፤ ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። የሐይቅን ዳርቻ ይዞ ዙሪያውን የሚሄድ ሰው ከመነሻው ግራና ቀኝ ያለው ሜዳ አንድ ሜዳ ቢሆንም፣ ግማሹን የሚያገኘው በጉዞው መጀመሪያ፣ ግማሹን ደግሞ በጉዞው ማብቂያ ላይ ነው። የእኛም ቅስት በኢንተርቫሉ ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ 0 ≤ x < π/3 ወይም 5π/3 < x ≤ 2π ተብሎ ይጻፋል። ቅስቱን በትክክል ቀብተው ሲያበቁ 5π/3 < x < π/3 ብለው የሚጽፉም አሉ። ሐሳባቸው ቢገባኝም ከ5π/3 የሚበልጥና ከπ/3 የሚያንስ ቁጥር ስለሌለ የጻፉት ባዶ ስብስብ ነው።

ኢንተርቫሉ ሲቀየር የቆየውን መልስ መገልበጥ

ያው 2cos x > 1 ከ−π እስከ π ባለው ኢንተርቫል ውስጥ ሲጠየቅ የቀድሞው መልስ አይሠራም። ክቡም፣ መስመሩም፣ የተቀባው ቅስትም አልተለወጡም፤ የተለወጠው የቆጠራው መነሻ ነው። አሁን ቆጠራው የሚጀምረው በክቡ ግራ ጫፍ ላይ ስለሆነ ቅስታችን ሳይቆረጥ −π/3 < x < π/3 ተብሎ በአንድ ቁራጭ ይጻፋል። 5π/3 በዚህ ኢንተርቫል ውስጥ ስለሌለ መልሱ ላይ መታየት የለበትም።

2x ሲመጣ ክቡን አንድ ጊዜ ብቻ መዞር

sin 2x ≥ 1/2 የሚለውን ከ0 እስከ 2π እንፍታ። በክቡ ላይ የምናስቀምጠው ማዕዘን x ሳይሆን 2x ነው። x ከ0 እስከ 2π ሲሄድ 2x ከ0 እስከ 4π ስለሚሄድ ክቡን ሁለት ጊዜ ይዞራል። በመጀመሪያው ዙር 2x ከπ/6 እስከ 5π/6፣ በሁለተኛው ዙር ደግሞ በሁለቱም ወሰኖች ላይ 2π ተጨምሮ ከ13π/6 እስከ 17π/6 ይሆናል። ለ2 ማካፈል ያለብን ሁለቱም ዙሮች ከተጻፉ በኋላ ነው፤ መልሱም π/12 ≤ x ≤ 5π/12 ወይም 13π/12 ≤ x ≤ 17π/12 ነው። መጀመሪያ አካፍሎ የጨረሰ ተማሪ ሁለተኛውን ቁራጭ ያጣዋል፤ ወይም ሊያስተካክል ብሎ በ2π ፈንታ በ2x ላይ π ይጨምርና ሳይን ኔጌቲቭ የሆነበትን ቦታ መልስ ያደርገዋል።

ምልክቱ በማይታወቅ ነገር ማካፈል

ይህኛው ከአልጀብራ የሚመጣ ስህተት ቢሆንም ክቡ ያጋልጠዋል። 2sin x cos x > cos x ከ0 እስከ 2π ተጠይቋል እንበል። ሁለቱን ወገን ለcos x አካፍሎ sin x > 1/2 ማለት፣ ከዚያም π/6 < x < 5π/6 ብሎ መጨረስ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በኔጌቲቭ ቁጥር ስናካፍል ምልክቱ መገልበጥ አለበት፤ cos x ደግሞ በክቡ ቀኝ ግማሽ ፖዘቲቭ፣ በግራ ግማሽ ኔጌቲቭ ነው። ለምሳሌ x = 2π/3 በዚህ መልስ ውስጥ ይገኛል፤ ስንተካው ግን ግራው ወደ −0.87፣ ቀኙ −0.5 ስለሚሆን ያለእኩልነቱ አይሟላም።

ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥተን cos x(2sin x − 1) > 0 ብለን እንጻፈው። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ፖዘቲቭ የሚሆነው ምልክታቸው አንድ ሲሆን ብቻ ነው። በዚያው ክብ ላይ ሁለት መስመር እናሠምር፤ አንዱ ኮሳይን ዜሮ የሚሆንበት ቁም ዘንግ፣ ሌላው ሳይን 1/2 የሚሆንበት አግድም መስመር ነው። ሁለቱ ክቡን በπ/6፣ በπ/2፣ በ5π/6 እና በ3π/2 ይቆርጡታል። ከቁም ዘንጉ በስተቀኝና ከአግድሙ መስመር በላይ ያለው ቅስት ከπ/6 እስከ π/2 ነው፤ እዚያ ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው። ከቁም ዘንጉ በስተግራና ከአግድሙ በታች ያለው ደግሞ ከ5π/6 እስከ 3π/2 ሲሆን እዚያ ሁለቱም ኔጌቲቭ ናቸው። መልሱ π/6 < x < π/2 ወይም 5π/6 < x < 3π/2 ነው። በማካፈል የተገኘው መልስ ከπ/2 እስከ 5π/6 ያለውን ያለ አግባብ ከማስገባቱም በላይ ሁለተኛውን ቁራጭ በሙሉ ጥሎታል፤ x = π ላይ ግራው 0፣ ቀኙ −1 መሆኑን ያየ ሰው የተጣለው ቁራጭ ትክክለኛ መልስ እንደነበር ወዲያው ይረዳል። አራቱ ወሰኖች ራሳቸው ግን አይካተቱም፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ብዜቱ ዜሮ ስለሚሆን ምልክቱ «≥» ቢሆን ኖሮ ብቻ ይገቡ ነበር።