ነፋስ ሲነሳ የሚታመም የራዲዮ ሊንክ፦ ሲግናል አለ፣ ፋይሉ ግን አይሄድም

አዳማ መሃል ካለ ሱቅ፣ በወንጂ አቅጣጫ 12 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ መጋዘን በ5.8 ጊጋኸርዝ የተዘረጋ ሊንክ ነው። በሁለቱም ጫፍ ባለ 30 ዴሲቤል ዲሽ አለ። የመጋዘኑ ሰውዬ ደወሉልኝ። «ወንድሜ፣ ኢንተርኔቱ ጠዋት ሰላም ነው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ግን ይታመማል» አሉኝ። እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ነፋስ ራዲዮ ሞገድን አይገፋም። በኋላ ግን ትክክል ሆነው የተገኙት እሳቸው ናቸው።

ምልክቱ

የራዲዮውን ገጽ ስከፍት ሲግናሉ -57 dBm ይላል፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ጠንካራ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሲያይ «ጥሩ ነው» ብሎ ገጹን ይዘጋል። ፒንግም ይመለሳል። ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ይንቀራፈፋል፣ የካሜራው ምስል ይቆራረጣል። እንዲህ ሲያጋጥም መጀመሪያ ትንሹንና ትልቁን ፓኬት አወዳድሩ፦

```
ping -n 100 -l 32 192.168.1.20
ping -n 100 -l 1400 192.168.1.20
```

ይህ የዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ `-n` በ`-c`፣ `-l` ደግሞ በ`-s` ይተካል። ትንሹ በሰላም እያለፈ ትልቁ ከጠፋ፣ ወይም ጊዜው አንዴ 3 አንዴ 90 ሚሊሰከንድ እያለ ከዘለለ፣ ቢቶች መንገድ ላይ እየተበላሹ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ራዲዮው የተበላሸውን እንደገና ስለሚልክ ችግሩ ብዙ ጊዜ እንደ መጥፋት ሳይሆን እንደ መዘግየት ነው የሚታየው። 1,500 ባይት ማለት 12,000 ቢት ነው። ከነዚህ አንዱ ብቻ ቢሳሳትና ካልታረመ ፓኬቱ በሙሉ ይጣላል። ትንሹ ፓኬት ጥቂት ቢት ስለሚይዝ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ምክንያቱ

ሊንኩ 256QAM በሚባል ሞጁሌሽን ላይ ነበር። ይህ ማለት ራዲዮው በእያንዳንዱ ሲምቦል 8 ቢት ይጭናል፤ ለዚህም እርስ በርስ የሚለዩ 256 ነጥቦች ያስፈልጉታል። 64QAM 6 ቢት፣ 16QAM 4 ቢት፣ QPSK 2 ቢት ይይዛሉ።

የአዳማ ባጃጅ ተራን አስቡ። ግቢው አንድ ነው፤ የሚለወጠው የባጃጁ ብዛት ብቻ። 4 ባጃጅ ቢቆም ሾፌሩ እንደፈለገ ወደ ኋላ ቢሄድ ማንንም አይነካም። 256 ሲታጨቅ ግን ትንሽ መንቀሳቀስ ብቻ ጎረቤትን ያስጫራል። ነጥቦቹን የሚያንቀሳቅሰው ኖይዝ፣ ማለትም ከሲግናሉ ጋር የሚደባለቅ ጫጫታ ነው። አንዱ ነጥብ ተገፍቶ ከጎኑ ካለው ክልል ከገባ፣ ተቀባዩ ሌላ ቢት ያነባል።

ከ64 ወደ 256 ስንወጣ፣ አማካይ ጉልበቱ ሳይለወጥ፣ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ርቀቱን ለመመለስ ጉልበቱን 4 እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ 6 ዴሲቤል ነው። ትርፉስ? ከ6 ቢት ወደ 8 ቢት፣ ማለትም ሲሶ ተጨማሪ ፍጥነት። 4 እጥፍ ከፍሎ ሲሶ ማትረፍ ውድ ንግድ ነው፤ የሚያዋጣው የሚተርፍ ሲግናል ላለው ነው።

ወደ እኛ ሊንክ እንመለስ። ቻናሉ 80 ሜጋኸርዝ ስለሆነ የኖይዙ ወለል -89 dBm አካባቢ ነው። ሲግናሉ -57 ሲሆን ልዩነቱ 32 ዴሲቤል። ስህተት ማረሚያውን ትተን ብናሰላ፣ 256QAM በዚህ ልዩነት ከ270,000 ቢት አንዱን ገደማ ይስታል። ያስኬዳል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሲግናሉ -61 ሆነ። 4 ዴሲቤል ብቻ ነው የወረደው። ስህተቱ ግን ከ650 ቢት አንድ ገደማ ደረሰ፤ በአንድ ፓኬት ውስጥ 18 ያህል ማለት ነው። በዚያው 28 ዴሲቤል 64QAM ቢሆን ኖሮ የሚስተው ከ80 ሚሊዮን ቢት አንድ አካባቢ ነበር። ማረሚያው ሲጨመር ቁጥሮቹ ይሻሻላሉ፣ ገደሉ ግን ገደል ነው፤ ቦታው ትንሽ ፈቀቅ ይላል እንጂ አይጠፋም።

ነፋሱስ የት ገባ?

መጀመሪያ ሲግናሉ ስንት መሆን እንደነበረበት አሰላሁ። የሚላከው 18 dBm፣ ሁለቱ ዲሾች 60 ዴሲቤል ይጨምራሉ፣ 12 ኪሎ ሜትሩ ደግሞ 129 ገደማ ይበላል። ውጤቱ -51። እኔ ግን የማየው -57 ነው። ያ የጎደለ 6 ዴሲቤል ጥርስ አወጣብኝ፤ ምክንያቱም ዲሹን ያሰርኩት እኔው ራሴ ነኝ።

የዚህ ዲሽ ጨረር ስፋቱ 5 ዲግሪ ያህል ነው። ከመሃሉ 3.5 ዲግሪ ፈቀቅ ካለ 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ከዚያ ጠርዝ ላይ ቆሞ ነፋስ 1 ዲግሪ ሲጨምርበት ሌላ 4 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። መሃሉ ላይ ቢሆን ኖሮ ያቺው 1 ዲግሪ የምትወስደው ግማሽ ዴሲቤል ብቻ ነው። የነፋስ ኃይል ማመንጫ በተተከለበት ከተማ ይህን መርሳቴ ያሳፍራል።

መፍትሄው

ከመውጣታችሁ በፊት ከታች ሆናችሁ አንድ ሙከራ አድርጉ። ነፋስ ባለበት ሰዓት ከፍተኛውን ሞጁሌሽን 64QAM ላይ ቆልፉት። መጥፋቱ ከቆመ ችግሩ የሲግናል ትርፍ ማነስ ነው። ካልቆመ፣ ሲግናሉም ንቅንቅ ሳይል የኖይዙ ቁጥር ከፍ ካለ፣ የሌላ ሰው ራዲዮ እየረበሻችሁ ነው። ያኔ ዲሽ ማዞር ትርፉ ድካም ነው፤ ቻናል ቀይሩ።

እኔ ጋ ቆመ። ስለዚህ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ወጣሁ። የፖሉ ማሰሪያ ቦልት ላልቶ ነበር። አጠበቅሁት፤ ፖሉንም በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ወጠርኩት። ከዚያ ዲሹን ቀስ እያልኩ ቁጥሩ ወጥቶ መልሶ እስኪወርድ ድረስ አዞርኩና ወደ ጫፉ መለስኩት። ግራ ቀኙን ብቻ ሳይሆን ላይ ታቹንም። -52 ላይ አሰርኩት።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ የማስተላለፊያ ጉልበቱን ይጨምራል። 256QAM ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ችግሩን ያባብሰዋል። ማጉያው ሲጨናነቅ ዳር ያሉት ነጥቦች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ሲግናሉ ገጹ ላይ ያምራል፣ ስህተቱ ግን ይጨምራል። ብዙ ራዲዮዎች በከፍተኛ ሞጁሌሽን ጉልበታቸውን ራሳቸው የሚቀንሱትም ለዚህ ነው።

ሌላው ቻናሉን ከ80 ወደ 40 ማጥበብ ነው። ኖይዙ በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ግን በግማሽ ይወርዳል። ከ256 ወደ 64 መውረድ ግን ሩብ ፍጥነት አስከፍሎ 6 ዴሲቤል ፋታ ይሰጣል። ስለዚህ እኔ የማጠበው ረባሽ ሲኖር ብቻ ነው።

አሁን ነፋስ ሲነሳ ሲግናሉ ከ-53 አይወርድም፣ 256QAMም ይዟል። ዲሹን ስታዞሩ ከተሰላው ቁጥር 20 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ የሚቆም ጫፍ ካገኛችሁ ግን አትሰሩት። እሱ የጎን ጨረር ነው፤ ዋናው ገና ጥቂት ዲግሪ አልፎ ይጠብቃችኋል።