በጌጅ ባለው ጣሳ የመኪና ኤሲ ጋዝ ሲሞላ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የመኪና ኤሲ ቅዝቃዜው ሲደክም ብዙ ባለቤቶች ጋራዥ ከመሄድ ይልቅ ቱቦና ትንሽ ጌጅ የተገጠመለትን የጋዝ ጣሳ ገዝተው ራሳቸው መጨመርን ይመርጣሉ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ቱቦው ከመስመሩ ጋር ይያያዛል፣ ጣሳው ይከፈታል፣ መርፌው አረንጓዴው ላይ ሲደርስ ይዘጋል። ነገር ግን ኤሲ የሚሞላው በክብደት ነው፤ ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ ለምሳሌ «አር 134ኤ፣ 450 ግራም» ይላል እንጂ ይህን ያህል ግፊት ይኑረው አይልም። ጌጁ ግራም አይለካም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች በአብዛኛው ይህን ካለመረዳት የሚመነጩ ናቸው።

ኮምፕረሰሩ ሳይሠራ ጌጁን ማንበብ

ኤሲው ጠፍቶ ሳለ በመስመሩ ውስጥ ጥቂትም ቢሆን ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው የጋዙ መጠን ሳይሆን ሙቀቱ ነው። 200 ግራም ያለው መኪናና 600 ግራም ያለው መኪና በአንድ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ቢቆሙ የሚያሳዩት ቁጥር ተመሳሳይ ነው። በጅማ ከፍታ ማለዳ አየሩ 15 ዲግሪ ሲሆን ጌጁ ወደ 60 ፒኤስአይ ያነባል፤ ያው መኪና ቀትር ላይ በ28 ዲግሪ 93 ገደማ ያነባል፤ አንድም ግራም አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትምም። (ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ በመሆኗ የውጭው አየር ግፊት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ጌጁ በባሕር ዳርቻ ከሚያነበው ወደ 3 ፒኤስአይ ይበልጣል።) በመሆኑም በጠፋ ኤሲ ላይ ቀይ ሆኖ የታየ መርፌ ጋዝ በዝቷል ማለት አይደለም፤ ንባቡ ትርጉም የሚኖረው ሞተሩ ተነሥቶ፣ ኤሲው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ቬንትሌተሩ በከፍተኛ ፍጥነት እየነፋና ኮምፕረሰሩ በእርግጥ እየሠራ ሲሆን ብቻ ነው።

ኮምፕረሰሩ እየበራና እየጠፋ ከሆነ መርፌው ይወርዳል ይወጣል። በዚህ ጊዜ የሚነበበው በሚሠራበት ቅጽበት ያለው ቁጥር ነው፤ ሲቆም የሚወጣው አይቆጠርም።

አረንጓዴውን «ሞልቷል» ብሎ መረዳት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ጣሳው የሚገናኘው ወፍራሙ ቱቦ ካለበት ዝቅተኛ ግፊት መስመር ጋር ብቻ ነው፤ ትርፍ ጋዝ ግን የሚጠራቀመው በሌላው ወገን፣ ከፊት ለፊት ባለው ኮንዴንሰር ውስጥ ነው። በብዙ መኪኖች ወደ ውስጥ የሚነፍሰውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር የሚገባውን ጋዝ የሚመጥነው ማስፋፊያ ቫልቭ ስለሆነ፣ ትርፉ እየጨመረ ሲሄድም የዝቅተኛው መስመር ግፊት ለረጅም ጊዜ አይለወጥም ማለት ይቻላል። ኮምፕረሰሩ ራሱን የሚያመጣጥን ዓይነት ከሆነ ደግሞ መርፌውን አንድ ቦታ ላይ ለመያዝ ስለሚሠራ ጌጁ የበለጠ ያታልላል።

ከላይ የተጠቀሰውን 450 ግራም የሚይዝ አነስተኛ የቤት መኪና እንውሰድና በጊዜ ብዛት 60 ግራም አጥቷል እንበል፤ 390 ግራም ቀርቶታል። ባለቤቱ በቀዝቃዛ ማለዳ ጅማ ላይ ጣሳውን ያያይዛል፤ ኮምፕረሰሩ እየሠራ መርፌው 28 ያሳያል፣ ይህም አረንጓዴው መጀመሪያ አካባቢ ነው። የጎደለው 60 ግራም ሲገባ 33 ይደርሳል፤ እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር። ነገር ግን በ340 ግራም ጣሳ ውስጥ ገና ብዙ ቀርቷል፣ መርፌውም አሁንም አረንጓዴ ላይ ስለሆነ፣ ገንዘብ የወጣበት ነገር እንዳይባክን ግማሹ ጣሳ ይገባል። መርፌው 36 ላይ ነው፤ መስመሩ ውስጥ ግን 560 ግራም አለ፤ ይህም ከተወሰነለት ሩብ ያህል ይበልጣል።

ጅማ ላይ አየሩ ለዘብ ያለ ስለሆነ ችግሩ ላይታይ ይችላል። መኪናው ወደ አዲስ አበባ ሲወጣና ቀትር ላይ ጊቤ በረሃ ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለጣል። ትርፉ ፈሳሽ የኮንዴንሰሩን የታች ቱቦዎች ስለሚይዝ ጋዙ የሚበርድበት ቦታ ይጠባል፤ ቦታው ሲጠብ በከፍተኛው መስመር ያለው ግፊት ያሻቅባል። በለዘበ አየር 150 እስከ 200 ፒኤስአይ አካባቢ መሆን የነበረበት ከ300 ያልፋል፤ ዳገት ሲወጣ በዝግታ ሲነዳ ይብሳል። በብዙ መኪኖች ግፊቱ ከ400 በላይ ሲደርስ መከላከያው ስዊች ኮምፕረሰሩን ያጠፋና ከውስጥ ሞቅ ያለ አየር ይነፍሳል። ስዊቹ ባይሠራ የግፊት ማስተንፈሻው ይከፈታል ወይም ደካማው ቱቦ ይፈነዳል። የኮምፕረሰሩ ቀበቶና የሞተሩ ጭነትም ይጨምራሉ።

ደካማ ቅዝቃዜን ሁሉ የጋዝ እጥረት አድርጎ ማየት

ከላይ ያለው ባለቤት ጊቤ ላይ ቆሞ ጣሳውን ቢያወጣ ምን ያስባል? ኤሲው አይቀዘቅዝም፣ ስለዚህ ጋዙ አልቋል ብሎ የቀረውን ይጨምራል። ትርፍና እጥረት ሁለቱም «አይቀዘቅዝም» በሚል ምልክት ስለሚመጡ ጥፋቱ በጥፋት ላይ ይደራረባል። የሚለዩበት ምልክት ግን አለ። ጋዝ ሲጎድል ኮምፕረሰሩ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፣ በሚሠራበትም ጊዜ መርፌው ከ25 በታች ይወርዳል። በብዛት ሲተርፍ ደግሞ ኮምፕረሰሩ እየሠራም መርፌው ከ50 አይወርድም፣ ቅዝቃዜው ግን ደካማ ነው፤ ምክንያቱም የኢቫፖሬተሩ ግፊት ሲጨምር የጋዙ መፍላትያ ሙቀት አብሮ ይጨምራል። በአቧራ የታፈነ ኮንዴንሰርና ያልዞረ የኮንዴንሰር ቬንትሌተርም ይህንኑ ምልክት ስለሚያመጡ፣ ጣሳ ከመክፈት በፊት ኮንዴንሰሩን በውሃ ማጠብና ቬንትሌተሩ መዞሩን ማየት ይገባል። በመካከለኛ ትርፍ ላይ ግን ይህ ጌጅ ዝም ስለሚል እርግጠኛ መሆን የሚቻለው ሁለቱንም መስመር በሚያነብ ማኒፎልድ ጌጅ ነው።

ጣሳውን ሳይመዝኑ መክፈትና መገልበጥ

ጋዝ የሚጨመረው በግራም ከሆነ ጣሳው በሚዛን ላይ መቀመጥ አለበት፤ ግራም የሚለይ ማንኛውም ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ጣሳው ከመከፈቱ በፊት ይመዘናል፣ ከ30 እስከ 40 ግራም ከገባ በኋላ ይዘጋል፣ ከዚያም አምስት ደቂቃ ያህል ተጠብቆ ከመሃለኛው አየር መውጫ የሚነፍሰው አየር በቴርሞሜትር ይለካል። ሙቀቱ መውረዱን ከቀጠለ ሌላ ትንሽ ይጨመራል፤ መውረዱን ካቆመ ወይም ወደ ላይ ከተመለሰ መቆም ይገባል። ጣሳው ተገልብጦ ሲያዝ የሚገባው ፈሳሽ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ደግሞ ጋዝ እንጂ ፈሳሽ መጭመቅ ስለማይችል ቫልቮቹ ሊሰበሩ፣ ዘይቱም ከውስጡ ታጥቦ ሊሄድ ይችላል።

ትርፉን ቫልቩን ተጭኖ ማስተንፈስ

ከመጠን በላይ እንደገባ ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ የቫልቩን እምብርት በመፍቻ ጫፍ ተጭኖ «ጥቂት ላስወጣ» ይላል። ምን ያህል እንደወጣ አያውቅም፣ ዘይትም አብሮ ይወጣል፣ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳንና ዓይንን በቅዝቃዜ ያቃጥላል፤ ጋዙም ከባቢ አየርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ የበረታ ነው። መደረግ ያለበት ጋዙን መልሶ የሚስብ ማሽን ወዳለው ጋራዥ ሄዶ ሁሉንም ማስወጣት፣ የወጣውን ማስመዘን፣ መስመሩን በቫኪዩም ፓምፕ ማስጠረግና ኮፈኑ ሥር የተጻፈውን 450 ግራም በሚዛን ማስገባት ነው። ሲወጣ የተመዘነው ቁጥር 560 ከሆነ ስንት እንደተረፈ ታወቀ፤ ከተወሰነው በታች ከሆነ ግን ቀጣዩ ሥራ የሚፈስበትን ቦታ መፈለግ ይሆናል።