ፒዲኤፍ ወደ ወርድ ሲቀየር ሠንጠረዥ፣ ዓምድና ተራ ቁጥር የሚበላሹባቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት አንድ ማኅበር ያጸደቀውን የመተዳደሪያ ደንብ በፒዲኤፍ ሰጥቶኝ አንድ አዲስ አንቀጽ እንዳስገባና በአባሪው ላይ ሦስት የገንዘብ መጠኖች እንዳስተካክል ጠየቀኝ። ደንቡ 14 ገጽ ነው፤ እንደ ነጋሪት ጋዜጣ በግራ አማርኛውን በቀኝ እንግሊዝኛውን አሰልፎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በመጨረሻው 23 ረድፍ ያለው የበጀት ሠንጠረዥ ተያይዞበታል። ፋይሉ ወደ ወርድ የተቀየረው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነበር፤ የተበላሸውን ለማቃናት ግን ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ከዚህ በታች ከዘረዘርኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራኋቸው በዚያ ሥራ ላይ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በአብዛኛው ፒዲኤፍ ውስጥ ሠንጠረዥ፣ ዓምድ ወይም ተራ ቁጥር የሚባል ነገር የለም፤ በፋይሉ ውስጥ ያለው ይህ ፊደል በዚህ ነጥብ ላይ ይቀመጥ፣ ይህ መስመር ከዚህ እስከዚያ ይሰመር የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። አንዳንድ ፒዲኤፎች ሲዘጋጁ የሰነዱን አወቃቀር የሚናገር የተደበቀ ምልክት ይጨመርባቸዋል፤ ብዙዎቹ ግን የላቸውም። ስለዚህ ቀያሪው ፕሮግራም መስመሮቹንና ክፍተቶቹን አይቶ ይህ ሠንጠረዥ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይገምታል። የእኛ ሥራ ግምቱ የት እንደሳተ ማወቅ ነው።

የፒዲኤፉን ዓይነት ሳይለዩ መቀየር

ከሁሉ አስቀድሞ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። አማርኛው በትክክል ከወጣ ፋይሉ በቀጥታ ሊቀየር ይችላል፤ በወርድ 2013 ወይም ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ `File > Open` ብሎ ፒዲኤፉን መክፈት በቂ ነው። ጽሑፉ ጭራሽ የማይመረጥ ከሆነ ገጹ ስካን የተደረገ ሥዕል ስለሆነ ወርድም እንደ ሥዕል ያስገባዋል። እንዲህ ያለውን ጎግል ድራይቭ ላይ ጭኖ በጎግል ዶክስ መክፈት የአማርኛውን ጽሑፍ ያወጣል፤ ነገር ግን ሠንጠረዥና ዓምድ በዚያ መንገድ ብዙውን ጊዜ ይጠፋሉ። በመሆኑም የስካን ሠንጠረዥ ካለ ባዶ ሠንጠረዥ በወርድ ራስዎ ሠርተው የወጣውን ጽሑፍ በየሴሉ ቢያስገቡ ይሻላል።

እኛን አማርኛ ጸሐፊዎችን በተለይ የሚያጋጥመን ሦስተኛው ዓይነት ነው። በፒዲኤፉ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ይታያል፤ ኖትፓድ ላይ ሲለጠፍ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ትርጉም የለሽ ነገር ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉት ፎንቶች አማርኛውን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ አስቀምጠውት ነበር። እንዲህ ያለው ፋይል ሲቀየር ሠንጠረዡ ደህና ቢመጣ እንኳ በውስጡ ያለው ጽሑፍ አይነበብም። ፎንቱን በመጫን በዓይን እንዲነበብ ማድረግ ይቻላል፤ ሆኖም ቃል ፈልጎ ማግኘትና በአዲስ አማርኛ ማረም ስለማይቻል መፍትሔው ወደ ዩኒኮድ ማስቀየር፣ አለዚያም ገጹን ወደ ሥዕል ለውጦ እንደ ስካን ማስነበብ ነው።

ገጹ ቁርጥ ፒዲኤፉን ይምሰል ብሎ መምረጥ

በአክሮባት የሚቀይር ሰው በወርድ ኤክስፖርት ቅንብሩ ውስጥ `Retain Page Layout` እና `Retain Flowing Text` የሚሉ ሁለት አማራጮች ያገኛል። መልኩ እንዳይበላሽ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ እኔም ያንኑ መረጥኩ። ውጤቱ ከፒዲኤፉ የማይለይ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ስጨምርበት ግን ጽሑፉ ከታች ካለው ጋር ተደራረበ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቁራጭ ጽሑፍ በራሱ ቴክስት ቦክስ ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር አንዱ ሲረዝም ሌላው ቦታ አይለቅለትም።

ይህን ለማወቅ `Home > Select > Selection Pane` ይክፈቱ። በጎን በሚወጣው ዝርዝር ላይ የብዙ ቴክስት ቦክስ ስም ከተደረደረ ፋይሉን ለማረም አይድከሙ፤ ዘግተው በሌላው አማራጭ እንደገና ይቀይሩት። መልኩ ትንሽ ቢዛባም የሚታረም ጽሑፍ ይሰጥዎታል፤ የተዛባን መልክ ማስተካከል ደግሞ ሳጥን ከመፍታት በብዙ ይቀላል።

ዓምድን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ መያዝ

ሁለት ዓምድ ያለው ገጽ ሁለት ዓይነት ነው። በመጽሔት ላይ ጽሑፉ በግራው ዓምድ ወርዶ ሲያልቅ በቀኙ ይቀጥላል፤ ይህ `Layout > Columns` የሚሠራለት ነው። ቀያሪው በየገጹ መጨረሻ የጨመራቸውን የዓምድና የክፍል መቁረጫዎች `Ctrl+Shift+8` ተጭነው እንዲታዩ ካደረጉ በኋላ አጥፍተው፣ ጽሑፉን እንደገና በሁለት ዓምድ እንዲፈስ ማድረግ ይበቃል።

የነጋሪት ጋዜጣ ዓይነቱ ግን እንዲህ አይደለም። አማርኛው በቀጣዩ ገጽም በግራ ነው የሚቀጥለው፤ እንግሊዝኛው በአጠገቡ አንቀጽ በአንቀጽ እየተሰለፈ ይወርዳል። ይህን በወርድ ዓምድ ካስቀመጡት አማርኛው ከግራው ሞልቶ ወደ እንግሊዝኛው ቦታ ይፈስሳል። ለእንዲህ ያለው ሰነድ ትክክለኛው ማደሪያ ሁለት ዓምድ ያለውና መስመሩ የማይታይ ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ረድፍ ይሰጠዋል። አማርኛው ቢረዝም ረድፉ አብሮ ይሰፋል፤ የሚቀጥለው አንቀጽ በሁለቱም ቋንቋ እኩል ይጀምራል። ደንቡ 31 አንቀጽ ስለነበረው 31 ረድፍ ሠርቼ ጽሑፉን በየቦታው ለጠፍኩ፤ አሰልቺ ቢሆንም ከግማሽ ቀን በላይ አልወሰደም። የጠፋብኝ ሌላው ጊዜ ዓምዶቹን በስፔስና በታብ ለማስተካከል ስታገል ያለፈ ነው።

የሠንጠረዡን ረድፍና ድምር አለመቁጠር

በፒዲኤፉ 23 የነበረው የበጀት ረድፍ በወርድ 25 ሆኖ መጣ። አንዱ ትርፍ የተፈጠረው ሠንጠረዡ ወደ ሁለተኛ ገጽ ሲያልፍ በድጋሚ የታተመው ርእስ እንደ ተራ ረድፍ ተቆጥሮ ነው። ሌላው ደግሞ «የስብሰባ አዳራሽ ኪራይና መስተንግዶ» የሚለው ርእስ በሁለት መስመር ስለተጻፈ፣ «መስተንግዶ» የሚለው ቃል ለብቻው ረድፍ ተሰጥቶት የገንዘብ ሴሉ ባዶ በመቅረቱ ነው። በዓይን ስመለከተው ሁሉም ደህና ይመስል ነበር።

ያጋለጠው ድምሩ ነው። በድምሩ ሴል ላይ ቆሜ በሠንጠረዡ `Layout` ትር ውስጥ ካለው `Formula` ላይ ይህን አስገባሁ፦

```
=SUM(ABOVE)
```

ውጤቱ በፒዲኤፉ ላይ ከተጻፈው ድምር እጅግ አነሰ። ወርድ ወደ ላይ ሲደምር ባዶ ሴል ሲያገኝ ስለሚቆም ከ«መስተንግዶ» በታች ያለውን ብቻ ነበር የደመረው። የተከፈለውን ረድፍ አንድ አድርጌ፣ የተደገመውን ርእስ አጥፍቼ `F9` ስጫን ቁጥሩ ከፒዲኤፉ ጋር ገጠመ። ድምር ያለው ሠንጠረዥ ሲያጋጥመኝ ከዚያ ወዲህ ይህን ሳላደርግ አላልፍም፤ ቀያሪው አንድ ዜሮ ቢጥል እንኳ በዚሁ ይታወቃል።

ሠንጠረዡ በገጽ መካከል ለሁለት ከተቆረጠ በሁለቱ መሐል ያለውን ባዶ አንቀጽ ማጥፋት ያገናኛቸዋል። ርእሱ በየገጹ እንዲታይ የመጀመሪያውን ረድፍ መርጦ `Repeat Header Rows` ማለት ይበቃል። የጽሑፉ ግማሽ የተሸፈነ ሴል ካዩ ደግሞ ቀያሪው የረድፉን ቁመት በ`Exactly` ስላሰረው ነው፤ በ`Table Properties` ውስጥ `Specify height` የሚለውን ምልክት ያንሱለት።

ተራ ቁጥሩን አይቶ ማመን

ይህኛው ከሁሉም ይልቅ አደገኛ ነው፤ ስህተቱ የሚታየው ሰነዱ ከተነካ በኋላ ነውና። ከመጀመሪያው ቅየራ በኋላ ከአንቀጽ 1 እስከ 31 ያለው ቁጥር በትክክል ተደርድሮ ነበር። ከአንቀጽ 6 ቀጥሎ አዲስ አንቀጽ ስጨምር ግን 7 ወደ 8፣ 8 ወደ 9 ተሸጋገረና የቀድሞው 9 ባለበት ቆመ፤ ደንቡ ሁለት አንቀጽ 9 ኖረው። አንቀጽ 9 የአዲስ ገጽ መጀመሪያ ስለነበር ቀያሪው ከ9 የሚጀምር ሌላ ዝርዝር አድርጎት ኖሯል። ከ20 በኋላ ያሉት ደግሞ ጭራሽ በእጅ እንደተጻፉ አኃዞች ሆነው ነው የመጡት።

ለመለየት ቁጥሩ ላይ ይጫኑ። ወርድ ራሱ የሚቆጥረው ከሆነ የዚያ ዝርዝር ቁጥሮች በሙሉ ግራጫ ይሆናሉ፤ ግራጫው ከአንቀጽ 8 ካላለፈ ዝርዝሩ እዚያ ተቆርጧል ማለት ነው። ጠቋሚው በአኃዞቹ መካከል የሚገባ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ተራ ጽሑፍ ነው። የተቆረጠውን በቀኝ ክሊክ `Continue Numbering` ማስቀጠል ይቻላል። በእጅ የተጻፉትን `Alt` ይዞ በማውዝ ወደ ታች በመጎተት ቁጥሮቹን ብቻ እንደ ቀጭን ዓምድ መርጦ በአንዴ ማጥፋትና አንቀጾቹን ከዝርዝሩ ጋር መቀላቀል ይቻላል።

በሁለት ቋንቋ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ወርድ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚቆጥረው ከግራ ወደ ቀኝ ረድፍ በረድፍ ስለሆነ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው በአንድ ዝርዝር ከታሰሩ የአማርኛው አንቀጽ 1፣ በአጠገቡ ያለው እንግሊዝኛ 2 ይሆናል። ስለዚህ በ`Define New Multilevel List` ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ይሠራሉ፤ በአንዱ ከቁጥሩ በፊት «አንቀጽ»፣ በሌላው `Article` ይጻፋል። ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለው የተዘረዘሩትን እኔ በእጅ እንደተጻፉ ተውኳቸው፤ ጥቂት ስለነበሩ አላስቸገሩም።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም በጽሑፉ ውስጥ «በአንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት» የሚሉት ጥቆማዎች ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ ባሉበት ይቀራሉ። አንቀጽ 12 አሁን 13 ሆኗል፤ ጥቆማው ግን አሁንም 12 ስለሚል ወደ ሌላ ድንጋጌ ያመለክታል። `Ctrl+F` ብዬ «አንቀጽ» ስፈልግ በአማርኛው ብቻ 17 እንዲህ ያሉ ቦታዎች አገኘሁ። እያንዳንዱን ከፒዲኤፉ ጋር እያመሳከርኩ «አንቀጽ» የሚለውን ቃል ከነአኃዙ በ`References > Cross-reference` ውስጥ ባለው `Numbered item` ተካሁት። ማኅበሩ ከወር በኋላ ሌላ አንቀጽ አስጨመረኝ፤ `Ctrl+A` እና `F9` ተጭኜ ሰነዱን በዚያው ሰዓት መለስኩለት።