ለኤዲተሩ በምትጽፉት ደብዳቤ ቀኖቹን አስቀድሙ

ያልተለመደ የመድኃኒት ጉዳት ኬዝ ሪፖርት ለሕክምና መጽሔት ስትልኩ፣ ደብዳቤውን «ከዚህ በፊት ታይቶ አያውቅም» ብላችሁ አትክፈቱት። ኤዲተሩ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ጉዳቱን ያመጣው በእርግጥ መድኃኒቱ መሆኑን ነው። ስለዚህ ቀኖቹን ደርድሩለት፦ «ታካሚው ለጉበት መግል ሜትሮኒዳዞል በጀመሩ በ30ኛው ቀን አረማመዳቸው ተንገዳገደ፣ ንግግራቸው ተኮላተፈ፤ ኤምአርአይ ሴሬቤለም ላይ ለውጥ አሳየ፤ ሌላ ምክንያት አልተገኘም፤ መድኃኒቱ በቆመ በ10ኛው ቀን ተሻላቸው። የናራንሆ ነጥብ 7።» የናራንሆ ነጥብ ጉዳቱን ያመጣው መድኃኒቱ የመሆኑን ዕድል ይመዝናል፤ ከ5 እስከ 8 ማለት መድኃኒቱ ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው፤ እርግጠኛ ለማለት 9 ያስፈልጋል። ሰፈር ግን አትጥቀሱ፤ ቱሉ ዲምቱ ካላችሁ ጎረቤት ሁሉ ያውቃቸዋል፣ «የአዲስ አበባ ዳርቻ» ይበቃል። የታካሚውን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘታችሁንም እዚያው ጥቀሱ። ሁለት መድኃኒት በአንድ ቀን ካቆማችሁ ግን ይህ አጻጻፍ አይሠራም፣ የትኛው እንደጎዳ ቀኖቹ አይለዩም።