ጀርመን ለመማር ከማመልከታችሁ በፊት ኩርሳችሁን ለዩ

ጎንደር ላይ 12ኛ ክፍል ጨርሳችሁ ጀርመን ለመማር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬታችን ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አያስገባም። መጀመሪያ ስቱዲየንኮሌግ በሚባል መሰናዶ ሁለት ሴሚስተር ትማራላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ፈተና አለ።

ስቱዲየንኮሌግ ውስጥ ትምህርቱ እንደየዘርፉ ኩርስ በሚባሉ ክፍሎች የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ኩርስ ሲመርጥ ነው። ኤም-ኩርስ ለሕክምና፣ ለፋርማሲና ለባዮሎጂ ነው። ቴ-ኩርስ ደግሞ ለምህንድስና፣ ለሒሳብና ለፊዚክስ። የምታልፉበት ኩርስ በኋላ የምትማሩትን የትምህርት ዘርፍ ይወስናል። አዘዞ ያለች ጎረቤቴ ፋርማሲ ነው የምትፈልገው፤ ግን ቦታ በቀላሉ ይገኛል ብለው ቴ-ኩርስ እንድትሞላ መከሯት። ጥሩ ውጤት ብታመጣ እንኳ ፈተናው ለምህንድስና እንጂ ለፋርማሲ አይሆናትም ነበር። ደግነቱ ማመልከቻው ሳይላክ ኤም-ኩርስ ብላ አስተካከለች።

የስቱዲየንኮሌጉ መግቢያም በፈተና ነው። ጀርመንኛ ሁሉም ይፈተናል፤ ለኤምና ለቴ በአብዛኛው ሒሳብ ይጨመራል። ቋንቋው ቢያንስ ቢ1 ደረጃ ይፈልጋል፣ ቢ2 የሚጠይቁም አሉ። ስለዚህ ጀርመንኛውን እዚሁ ጀምሩት። ብዙ ስቱዲየንኮሌጎች የናሙና መግቢያ ፈተና ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ሒሳቡን ያለ ካልኩሌተር፣ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ካለፋችሁ ግን ትራንስክሪፕታችሁንም አያይዙ። በተማራችሁበት ዘርፍ መሰናዶው ሊቀርላችሁ ይችላል።