የዓሣ ክብደት ከፎቶ ሲሰላ፦ ቁጥሩ ለምን ይበዛል?

ርዝመትን ፎቶ ላይ በፒክስል መለካትና ከጎኑ ባለው ማስመሪያ ወደ ሴንቲሜትር መቀየር ታውቃላችሁ ብዬ ልነሳ። ቀመሩም ይኸው ነው፦

```
W = a * L^b
```

W ክብደት በግራም፣ L ርዝመት በሴንቲሜትር ነው፤ a እና b ለየዓሣው ዓይነት የሚወጡ ቋሚ ቁጥሮች ናቸው። ምሳሌዬ ቆሮሶ ነው። ለስሌት እንዲቀል a = 0.02፣ b = 3 ብያለሁ። እናንተ ግን የራሳችሁን ሐይቅ ወይም ኩሬ ቁጥር ተጠቀሙ። በዚህ ስሌት 30 ሴንቲሜትር ቆሮሶ 540 ግራም ይሆናል። ርዝመቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ስለሚባዛ፣ ርዝመት ላይ የተሳሳታችሁት 1% ክብደት ላይ ሲደርስ 3% ገደማ ይሆናል።

ምልክት፦ ትንንሾቹ ደህና ናቸው፣ ትልልቆቹ ግን ከሚዛኑ በላይ ይወጣሉ

ሰው ይዞልኝ የሚመጣው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቀመሩን ነው። a ይቀንሳል፣ b ይነካካል። እባካችሁ ቀመሩን ተዉት። ጥፋቱ ያለው ማስመሪያው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው።

ማስመሪያው ጣውላው ላይ ተኝቷል። የዓሣው አፍና የጅራቱ ጫፍ ግን ጣውላውን አይነኩም። ሁለቱም ያሉት በሰውነቱ ውፍረት እኩሌታ ላይ ነው። ስለዚህ ከማስመሪያው ይልቅ ለካሜራው ይቀርባሉ፤ የቀረበ ነገር ደግሞ ትልቅ ሆኖ ይታያል።

በቁጥር እንየው። ስልኩ ከጣውላው 50 ሴንቲሜትር ከፍ ብሏል። ዓሣው 30 ሴንቲሜትር ሆኖ ውፍረቱ 5 ነው፤ እኩሌታው 2.5። ከካሜራው እስከ ዓሣው መሐል 47.5 ይቀራል ማለት ነው። 50 ለ47.5 ሲካፈል 1.053 ገደማ ነው፤ ፎቶው ላይ ዓሣው 31.6 ሴንቲሜትር ይሆናል። ቀመሩ ውስጥ ስታስገቡት 630 ግራም ገደማ ይሰጣችኋል። 90 ግራም ከየትም መጣ። 15 ሴንቲሜትር ዓሣ ላይ ግን ጭማሪው 5 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አይለው። ትንንሾቹ ደህና የሚመስሉት ለዚህ ነው።

አንድ የኩሬ ዓሣ አርቢ መኖ የሚሰጠው በዚህ መንገድ በገመተው ክብደት ነበር። ዓሣው ባደገ ቁጥር መኖው እየተረፈ ታች ይበሰብስ ጀመር፤ ውሃው ሸተተ። ዓሣው ታሟል ብሎ መድኃኒት ሊገዛ ሲል ነው ፎቶዎቹን ያየሁት። ሁሉም ከክንድ በታች በሆነ ርቀት የተነሱ ነበሩ።

መፍትሄው ሦስት ነው። አንደኛውና የምወደው፣ ማስመሪያውን በእንጨት ቁራጭ ከፍ አድርጎ ከዓሣው እኩሌታ ጋር ማስተካከል ነው። ሁለተኛው ስልኩን ማራቅ ነው። ከ1.5 ሜትር አንስታችሁ ዙም ብታደርጉ ክብደቱ ላይ የሚመጣው ጭማሪ ወደ 5% ይወርዳል፤ የሌንሱ ጠርዝ የሚያመጣው መጣመምም ይቀንሳል። ሦስተኛው ለተነሳ ፎቶ ነው፦

```
L = Lphoto * (H - h) / H
```

H ከሌንሱ እስከ ጣውላው፣ h የውፍረቱ እኩሌታ ነው። 31.6 በ47.5 ተባዝቶ ለ50 ሲካፈል 30 ይመለሳል። ከፍታውን ካልመዘገባችሁ ግን ይህ አይሠራም። መዝግቡ!

ዓሣውን ወደ ካሜራው ዘርግቶ የያዘ ሰው ፎቶ ሲመጣብኝ ትዕግሥቴ ያልቃል። ዓሣው ከካሜራው 60 ሴንቲሜትር፣ የሰውየው ደረት 1 ሜትር ርቆ፣ "ከትከሻው ስፋት ገምትልኝ" ይሉኛል። እንዲህ ሲሆን ግማሽ ኪሎው ከሁለት ኪሎ በላይ ይሆናል። ከዚህ ፎቶ ክብደት አይወጣም።

ምልክት፦ ሁሉም ዓሣ ግማሽ ክብደት ይመጣል

ቀመሩ የተሠራው እስከ ጅራቱ ጫፍ በተለካ ርዝመት ነው፤ እናንተ የለካችሁት እስከ ጅራቱ ሥር ነው። ቆሮሶ ላይ ሁለተኛው የመጀመሪያውን 80% ያህል ነው፤ 0.8 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.51 ይሆናል። a እና b ስትወስዱ በየትኛው ርዝመት እንደተሠሩ ካልተጻፈ አትውሰዷቸው።

ምልክት፦ በግራና በቀኝ የማስመሪያው አንድ ሴንቲሜትር በፒክስል እኩል አይደለም

ስልኩ ዘሟል። ፎቶውን ድገሙት።

ምልክት፦ ቁጥሩ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል

የልብስ ሰፊ ሜትር ከሆነ ጣሉት። ይለጠጣል፣ ይታጠፋል፣ ሲረጥብ ይጨማደዳል። የብረት ማስመሪያ ግዙ። ዓሣው ራሱ ታጥፎ ከተኛም ያጥራልና አቅኑት።

ሌሎች

ውጤቱ ሺህ እጥፍ ከሆነ በሚሊሜትር አስገብታችኋል። a ኔጌቲቭ ከሆነ በሎግ የተጻፈ ነው፦ -1.699 ማለት 0.02 ነው። ሆዱ የተከፈተ ዓሣ ከቀመሩ በታች ይመዝናል። ለጫጩት ዓሣ ደግሞ በትልልቆች የተሠራ ቀመር አትጠቀሙ፤ አሥር ያህሉን በአንድ ላይ መዝኑና አካፍሉ።