ፕሬሸር ኩከር ሲተነፍስ፦ ጎማው ነው፣ መውጫው ነው ወይስ የድስቱ ከንፈር?

ወደ እኔ የሚመጣ ፕሬሸር ኩከር ሁሉ ከነፍርዱ ይመጣል። ባለቤቱ ድስቱን ከዘንቢል ሳያወጣ «ጎማው አልቋል፤ ጎማ ብቻ ቀይርልኝ» ይላል። ደሴ ውስጥ የምድጃና የድስት ጥገና መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ትክክል ሳይሆን ሲቀር ግን ሰዉ በከንቱ ጎማ ይገዛል፤ ሲብስም የእንፋሎት መውጫው የተደፈነ ድስት አዲስ ጎማ ለብሶ እሳት ላይ ይጣዳል።

ባለፈው ጾም አንዲት የሆጤ ሰፈር እናት ሰባት ሊትር የሚይዝ የአሉሚኒየም ፕሬሸር ይዘው መጡ። «በሁለት ወር ሁለት ጎማ ገዛሁ፤ አሁንም ይተነፍሳል። ክኩ ሳይበስል ውሃው ያልቅብኛል» አሉኝ።

«እትዬ፣ በየት በኩል ነው የሚተነፍሰው?»

«በዙሪያው ነዋ!»

ችግሩ ያለው እዚህ መልስ ላይ ነው። እንፋሎት ከወጣ በኋላ በክዳኑ ጠርዝ ስር ስለሚሽከረከር ከአንድ ቀዳዳ የሚወጣውም ከዙሪያው ሁሉ የሚወጣ ይመስላል። ስለዚህ ጎማም ሆነ መዶሻ ከማንሳት በፊት ቦታውን በትክክል ማግኘት ያስፈልጋል።

የውሃ ሙከራ

ድስቱ ውስጥ ምንም ምግብ ሳይጨምሩ ግማሽ ሊትር ውሃ ያድርጉ። ክዳኑን ይግጠሙና ፊሽካውን ሳያስቀምጡ ጠንካራ እሳት ላይ ይጣዱት። ከመውጫው ቧንቧ እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ መውጣት ሲጀምር ፊሽካውን ያስቀምጡ። እሳቱ ጠንካራ ይሁን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎማውን ከድስቱ ጋር አጥብቆ የሚያጣብቀው ራሱ የእንፋሎቱ ግፊት ነው። ማታ ኃይሉ ሲደክም ቀይ ሆኖ መጋል ያቃተው የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም አመድ የለበሰ ከሰል ላይ ደህና ድስትም ይተነፍሳል። እንዲህ ያለውን ድስት ወደ ቡታጋዝ ሲያዛውሩት ዝም ካለ ጥፋቱ የምድጃው ነው፤ ጉዳዩም እዚያው አለቀ።

መተንፈሱ ከቀጠለ ረጅም እጀታ ያለው ቀዝቃዛና ደረቅ የብረት ጭልፋ በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ ብለው ያዙሩ። በጣትዎ አይፈልጉ፤ የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውሃ ይብሳል። ጭልፋው በአንድ ጊዜ ጤዛ የሚለብስበት ቦታ የሚያፈሰው ቦታ ነው። እዚያ ላይ ድስቱን በከሰል ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ድስቱን አውርደው ያቀዝቅዙ፣ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ጎማውን ከቦዩ አውጥተው ግማሽ ዙር ያዙሩትና መልሰው ይግጠሙት። ሙከራውን እንደገና ይሥሩ።

አሁን ድስቱ ራሱ ይናገራል። ማፍሰሻው ከጎማው ጋር ተዛውሮ በተቃራኒው በኩል ከወጣ ጎማው ነው። በከሰሉ ምልክት ላይ ከቀረ ጎማውን መቶ ጊዜ ቢቀይሩትም ለውጥ የለም፤ ጥፋቱ የድስቱ ከንፈር ወይም የክዳኑ ጠርዝ ነው። የእኚህ እናት ድስት ከእጀታው በስተቀኝ፣ አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ነበር የሚያፈሰው። ጎማውን ካዞርን በኋላም ከዚያው አልተነቃነቀም።

ጎማው ሲያረጅ

ከእሳቸው ጉዳይ በፊት ግን የተለመደውን ልጨርስ። ጎማው በእርግጥ ያለቀ እንደሆነ ለማወቅ ያውጡትና በሁለት ጣት መሃል አጥብቀው ያጥፉት። እጥፋቱ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅጥቅ ካለ አልቋል። በጥፍር ሲጫኑት ምልክቱ ቶሎ ካልጠፋም ደርቋል። ሌላው አርጅቶ የተለጠጠው ነው፤ ክዳኑን ሲገለብጡት ከቦዩ ተንሸራቶ ይወድቃል። የተለጠጠ ጎማ ለግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢነከር ትንሽ ተሰብስቦ ለአንድ ምግብ ሊያገለግል ይችላል፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁበት። ክር ጠቅልለውበት ወይም ሊጥ ለጥፈውበት የሚያመጡልኝም አሉ። ሊጡ ይደርቅና ፍርፋሪው መውጫው ውስጥ ይገባል።

አዲስ ሲገዙ «የአምስት ሊትር ጎማ» ብለው አይጠይቁ። ሁለት የአምስት ሊትር ድስቶች ክዳናቸው በስፋት ይለያያል። ክዳኑን ራሱን ይዘው ይሂዱ፣ ጎማውን እዚያው ቦዩ ውስጥ አስገብተው ይሞክሩት። ሳይለጠጥ፣ ሳይሸበሸብም ዙሪያውን ሞልቶ መተኛት አለበት። በየቀኑ የሚሠራበት ጎማ ዓመት ካገለገለ ደህና አገልግሏል። ጎማውን ቶሎ የሚጨርሰው ደግሞ ክዳኑን ገጥሞ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው። አጥቦ፣ ክዳኑን ገልብጦ በድስቱ ላይ ማሳረፍ ይሻላል።

ከንፈሩ ሲጎብጥ

ወደ ሆጤዋ እናት ልመለስ። የድስቱን ከንፈር በጥፍሬ ዳበስኩት፤ ምልክቱ ጋ ጥፍሬ ተደናቀፈ። ድስቱን ገልብጬ ቁራጭ መስታወት ላይ አስቀመጥኩት። ለምን መስታወት? ከቤት ዕቃ ሁሉ ሜዳ መሆኑ የሚታመነው እሱ ስለሆነ ነው፤ ጠረጴዛ ይዋሻል። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት በዙሪያው ሳሾልክ በሌላው በኩል እንቢ አለ፤ ምልክቱ ላይ ግን ሦስት ጣት ስፋት ባለው ቦታ ገባ። ወረቀቱን ሁለት አድርጌ ሳጥፈው አልገባም።

«እትዬ፣ ማማሰያውን ድስቱ ላይ ያራግፋሉ?» አልኳቸው።

ልጃቸው ሳቀች። እሳቸው «ታዲያ የት ላራግፈው?» አሉ።

በእርግጥ የብዙ ቤት ልማድ ነው። ቀኝ እጅ ወጡን ያማስልና ማማሰያውን ሁልጊዜ አንዱ ቦታ ላይ ኳ፣ ኳ ያደርጋል። ለተራ ድስት ጉዳት የለውም። ክዳኑ ከውጭ ለሚገጠም ፕሬሸር ግን የጎማው መተኛ ያ ከንፈር ነው፤ አሉሚኒየሙም ለስላሳ ነው።

የታጠፈው ወረቀት አለመግባቱ ጥሩ ዜና ነበር። ስርጉደቱ ስስ ስለሆነ ማስተካከል ይቻላል። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘርግቼ ድስቱን በአፉ ደፋሁትና ሳልጫን፣ ክብደቱን ብቻ ትቼለት ዞር ዞር አደረግሁት። በየጥቂት ዙሩ እያነሳሁ አየሁ፤ አዲስ የተፋቀው ቦታ ያበራል፣ የሰረጎደው ግን እንደ ደበዘዘ ይቀራል። ዙሪያው በሙሉ አንድ ዓይነት ሲያበራ አቆምኩ። በሳሙና ሁለት ጊዜ አጥበን የውሃ ሙከራውን ሠራነው፤ ጭልፋው ደረቅ ሆኖ ዞረ።

ይህ ሥራ ገደብ አለው። ሦስትና አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት የሚያሾልክ ከንፈር ላይ አልሠራውም፤ ያን ያህል ከተፋቀ ብረቱ ይሳሳል። ክዳኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ከስር ወደ ላይ የሚገጥም ድስት ላይም አይሆንም፤ መተኛው በሌላ በኩል ነው። ወድቆ ሞላላ የሆነ ድስት ደግሞ በገመድ ይለያል። አፉን በአንድ በኩል፣ ከዚያ በመስቀለኛው ይለኩ፤ ልዩነቱ በዓይን ከታየ ክዳኑ ቢገጥምም ጥርሶቹ እኩል አይነክሱም። እንዲህ ያለውን፣ ስንጥቅ ያለውን እና መቆለፊያ ጥርሱ የታጠፈውን በመዶሻ አቅንቼ አልመልስም። ያለ ጎማ፣ ያለ ፊሽካ፣ እንደ ማንኛውም ድስት ጎመን ይቀቀልበት።

መውጫው ሲደፈን

ሦስተኛው በሰዉ ዘንድ የጎማ ጥፋት የሚመስለው፣ ግን ፍጹም ተቃራኒ የሆነው ነው። ድስቱ በደንብ ሲሠራ ይቆያል፣ ፊሽካው ዝም ይላል፣ ከዚያ በድንገት ከጎን በኩል በኃይል ይተነፍሳል። ክዳኑ ሲከፈት ጎማው በአንድ በኩል ወደ ውጭ ተጎትቶ ይገኛል። ብዙ ክዳኖች ጠርዛቸው ላይ ጠባብ መስኮት አላቸው፤ ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ጎማው በዚያ መስኮት እንዲወጣና እንፋሎቱን እንዲለቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ጎማው በመስኮቱ በኩል ከወጣ ሥራውን ሠርቷል እንጂ አልተበላሸም። ሄዶ ጠንካራ ጎማ ገዝቶ መግጠም የማስጠንቀቂያውን አፍ መዝጋት ነው።

የሚደፍነው አረፋና ልጣጭ ነው። በረመዳን የአጃ ሾርባ፣ በጾም ክክ፣ በማንኛውም ጊዜ የባቄላና የሽንብራ ንፍሮ። አጃው አረፋ እየሠራ ወደ ቧንቧው ይወጣና እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ እኔ የአጃና የገብስ ሾርባ በተራ ድስት ይሠራ እላለሁ። ጥራጥሬ ሲሆን ውሃውን ጨምሮ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ።

ክዳኑን ከመግጠምዎ በፊት ወደ መስኮት ብርሃን አንስተው በቧንቧው ይመልከቱ። ክብ ብርሃን በሙሉ መታየት አለበት። የጎደለ ጨረቃ የመሰለ ከታየ ቆሻሻ አለ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው በቀጭን ሽቦ ከታች በኩል ይግፉት፣ ከዚያ ንፉበት። የክብሪት እንጨት አይጠቀሙ፤ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል።

እሳት ላይ እያለ ከተደፈነ ግን ዋናው አደጋ ሲከፈት ነው። ሁላችንም ፊሽካውን ነካ አድርገን እንፋሎት ካልወጣ «ተንፍሷል» እንላለን። ቧንቧው ከተደፈነ ይህ ምልክት ይዋሻል፤ ግፊቱ ውስጥ ታፍኖ ዝም ሊል ይችላል። ምድጃውን ያጥፉና ድስቱን ሳይነኩ በራሱ እንዲቀዘቅዝ ይተዉት፤ ጎኑ በእጅ የሚያዝ እስኪሆን ይጠብቁ። እጀታው ከከበደ አያስገድዱት።

ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሿ የደህንነት ቫልቭ ድስቱ ውሃ ጨርሶ ሲግል ቀልጣ እንድትከፈት የተሠራች ናት። ከቀለጠች ለዚያ ክዳን የተሠራ ምትክ ይገዛላታል። በቡሎን ወይም በቆርቆሮ የተደፈነች አይቼ አውቃለሁ፤ ለባለቤቱ ክዳኑን ሳልመልስ ብዙ ተከራክረናል።

ደህና ሆኖ ሳለ የሚከሰስ ድስት

ሳይተነፍስ፣ ፊሽካውም በጊዜው እየጮኸ «አላበስል አለ» ተብሎ የሚመጣ ድስት አለ። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፊሽካው የሚጨምረው ግፊት የትም ያው ነው፤ የሚጨመርበት የአየር ግፊት ግን እዚህ ያነሰ ነው። በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ የሚደርሰው ድስት ደሴ ላይ 116 ገደማ ይደርሳል። ከድስቱ ጋር የመጣው መመሪያ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ከሆነና 20 ደቂቃ ካለ፣ ደሴ ላይ 26፣ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ 24 ያድርጉት። ጎማውን አይንኩት።